900 ሜትር ሐይቅ አቋርጣ ማማው ላይ የምትደርስ አንድ ሾት፦ ባትሪው ይበቃኛል?

ቤዛ_ፍሬም
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ አጭር ቪዲዮ የምትሆን ሾት እያቀድኩ ነው። ሐይቅ ዳር አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ድሮኗ ከዛፉ ሥር ዝቅ ብላ ትነሳለች፣ ውሃው ላይ ወጥታ ትሄዳለች፣ ማዶ ኮረብታው ላይ ያለው የድሮ የድንጋይ ማማ ላይ ስትደርስ ታበቃለች። ያለምንም መቆራረጥ፣ አንድ ሾት። ከዛፉ እስከ ማማው ካርታ ላይ ስለካው 900 ሜትር ነው። ኮረብታው ከውሃው 70 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ደንበኛዬ ሾቷ 40 ሰከንድ እንድትሆን ይፈልጋል።

ድሮኔ ሚኒ 4 ፕሮ ናት። ቀረጻው አመሻሽ ላይ ነው። ትንበያው ንፋሱን 6 ሜትር በሰከንድ ይላል፣ ሽውታው 10 ይደርሳል። አቅጣጫው ከዛፉ ወደ ማማው ስለሆነ ከኋላዬ እየገፋ ይረዳኛል ብዬ አስቤያለሁ። ካርቶኑ ላይ 34 ደቂቃ ይላል። ሦስት ባትሪ አለኝ። ስንት ጊዜ ደጋግሜ መቅረጽ እችላለሁ? ፈቃዱንም ጀምሬዋለሁ፣ ከቆምኩበት በ300 ሜትር ዙሪያ ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ክንፈ_ብረት
ምንም አታስቢ። ሚኒ 4 ፕሮ 10.7 ሜትር በሰከንድ ንፋስ ትችላለች፣ አንቺ ጋ 6 ነው። ንፋሱ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ባትሪ ትቆጥቢያለሽ። በዚያ ላይ ከ250 ግራም በታች ናት፣ ፈቃድ የሚባል ነገር አያስፈልግሽም። ዝም ብለሽ አስነሺ። ባትሪው ሲቀንስ ራሷ ትመለሳለች።

ዝግታ
ቤዛ፣ ከማስነሳትሽ በፊት አንድ ስሌት ሥሪ። 900 ሜትርን ለ40 ሰከንድ አካፍይ። 22.5 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ድሮንሽ ስፖርት ሞድ ላይ እንኳ 16 ናት። ስለዚህ ያሰብሻት ሾት ገና ከወረቀቱ ላይ አልተነሳችም። በ10 ብትሄጂ 90 ሰከንድ ይፈጃል፣ ከዚያ ኤዲቲንግ ላይ ከእጥፍ በላይ ታፈጥኛታለሽ። ውሃ ሲፈጥን ደግሞ ያስታውቃል። ሞገዱ ይርበተበታል።

ሁለተኛው የንፋሱ ነገር ነው። የምትጨነቂው ስለ መሄጃው ነው፣ ችግሩ ግን መመለሻው ላይ ነው ያለው። ትንበያ ላይ የሚጻፈው ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ነው። 100 ሜትር ስትወጪ ያው 6 የነበረው ወደ 8 ይጠጋል። ኖርማል ሞድ ላይ ድሮኗ ንፋስ በሌለበት የምትሄደው 12 ነው። 8ቱን ንፋሱ ሲበላው የሚተርፍሽ 4 ነው። 900 ሜትር በ4 ሲካፈል 225 ሰከንድ። መሄጃው አንድ ደቂቃ ተኩል፣ መመለሻው አራት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ያውም ያለ ሽውታ። ሽውታው ሲመጣ ድሮኗ ባለችበት ቆማ ታፏጫለች።

ክንፈ፣ ያልከው 10.7 ውሸት አይደለም። ግን «ትቋቋማለች» ማለትና «ወደ አንተ ትመለሳለች» ማለት ለየቅል ናቸው።

የሰርግ_ቪዲዮ
እኔ ሰርግ ላይ ስቀርጽ ሁልጊዜ ሰማዩ እየነጣ ያስቸግረኛል። ኤንዲ ፊልተር 16 ነው ወይስ 32 የምታደርጉት? አመሻሽ ስለሆነ 16 ይበቃል ባይ ነኝ።

ቤዛ_ፍሬም
@የሰርግ_ቪዲዮ ፊልተሩ ላይ ገና አልደረስኩም ወንድሜ 😄

@ዝግታ የ40 ሰከንዱን ማካፈል እንዴት እንዳላሰብኩት! ግን 34 ደቂቃ ካለኝ አራት ደቂቃ መመለሻ ምን ያሳስባል? ሁለት ሦስት ጊዜ ልመላለስ እችላለሁ አይደል?

ዝግታ
34ቱ ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። ንፋስ በሌለበት፣ ከባሕር ጠለል ላይ፣ በሰዓት በ21.6 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ6 ሜትር በሰከንድ ቀጥ ብላ እየሄደች፣ ባትሪው ዜሮ እስኪገባ ነው የተለካው። በዜሮ የሚያርፍ የለም። እኔ 30 በመቶ ላይ ድሮኗ እጄ ላይ መሆን አለባት። ያ 34ቱን ወደ 24 ያወርደዋል። እንዲህ ያለ ንፋስ ሲኖር ደግሞ ሲሶውን እቀንሳለሁ። ለእቅድ የምይዘው 15 ደቂቃ ነው። ፋብሪካው አይደለም እንዲህ ያለኝ፣ የራሴ ልማድ ነው።

አሁን አንዱን ሙከራ ቁጠሪው። አስነስቶ ቦታ ማስያዝ 1 ደቂቃ፣ መሄጃ 1 ተኩል፣ መመለሻ 4፣ ማሳረፊያ ግማሽ። 7 ደቂቃ ሆነ። በአንድ ባትሪ ሁለት ሙከራ ነው፣ ሁለተኛውም በጣት የሚቆጠር ትርፍ ይዞ። ሦስት ባትሪ ይዘሽ ስድስት ታገኚያለሽ እንጂ እንዳሰብሽው አይደለም።

ማሙሽ_ካም
ይሄ «ራሷ ትመለሳለች» የሚለው ነገር እኔን አንድ ድሮን አስከፍሎኛል። ከጀልባ ላይ አስነስቼ እየቀረጽኩ ነበር። ጀልባዋ ቀስ እያለች ተንሸራታ ኖሯል። ባትሪ ሲቀንስ መመለሻውን ነካሁት። ድሮኗም እንደ ጨዋ ልጅ ወደ ተነሳችበት ቦታ ሄደች። እዚያ ግን ጀልባ የለም፣ ውሃ ብቻ ነው። እኔ ከ100 ሜትር ርቀት ላይ ሆኜ እየጮህኩ ስትወርድ አየኋት። ለካ ሆም ፖይንቱን፣ የምትመለስበትን ነጥብ፣ መተግበሪያው ውስጥ ወደ ሪሞቱ ቦታ ማዞር ይቻል ነበር።

ጥያቄዬ፦ ቤዛ ለምን ጀልባ ይዛ ሐይቁ መሀል አትቆምም? በሁለቱም በኩል 450 ብቻ ይሆናል።

ክንፈ_ብረት
የማሙሽ ጀልባ ስለሆነ ነው። መሬት ላይ አርቲኤች፣ ራሷ የምትመለስበት ቁልፍ፣ ችግር የለውም። እኔ መቶ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ዝግታ
መሬት ላይም ችግር አለው፣ ንፋስ ካለ። አርቲኤች ስትነኪ ድሮኗ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የምታደርገው ወደ ሞላሽላት የመመለሻ ከፍታ መውጣት ነው። 100 ሜትር ብለሽ ሞልተሽ ከሆነ 40 ላይ የነበረችው ወደ 100 ትወጣለች። ንፋሱ ደግሞ የሚብሰው እዚያው ላይ ነው። ባትሪ ያነሳትን ድሮን ወደ ባሰ ንፋስ ላክናት ማለት ነው።

ይህ ሲሆን የሚታወቀው ከአንድ ቁጥር ነው። ስክሪኑ ላይ ርቀቱን እዩት። አፍንጫዋ ወደ እናንተ ዞሮ፣ እየሄደች እየመሰለች፣ ርቀቱ 612፣ 611፣ 611፣ 612 እያለ ከቆመ አትመለስም። ያኔ መጠበቅ የለም። መመለሻውን ሰርዙት፣ እንቅፋት እስካላገዳችሁ ድረስ ዝቅ አድርጓት፣ ስፖርት ሞድ ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ አምጧት። 30 ሜትር ላይ የ8ቱ ንፋስ ወደ 7 ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። ግን በስፖርት 16 ሲቀነስ 7፣ 9 ሜትር በሰከንድ ይሆንላችኋል። ከ4ቱ እጥፍ በላይ ነው። ስፖርት ሞድ ላይ እንቅፋት አይቶ የሚያቆመው ሴንሰር እንደሚጠፋ ግን አትርሱ። ዛፍ አያይላችሁም፣ እናንተ ናችሁ የምታዩት።

ትዕግስት_ኤዲት
ከኤዲተር ወገን አንድ ሐሳብ ላምጣ። ሾቷን ገልብጣችሁ ቅረጿት። ቤዛ ማማው ጋ ሳይሆን ዛፉ ጋ ናት አይደል? ድሮኗ ሳትቀርጽ ወደ ማማው ትሂድ። ከማማው እየራቀች ወደ ኋላ እየበረረች ወደ ዛፉ ትምጣ። እኔ ኤዲቲንግ ላይ ቅጂውን ወደ ኋላ አጫውተዋለሁ። ተመልካች ከዛፍ ወደ ማማ የሄደች ይመስለዋል።

ቤዛ_ፍሬም
@ትዕግስት_ኤዲት አስቤው ነበር! ግን ውሃው?

ትዕግስት_ኤዲት
ውሃው ከላይ ሲታይ አያስታውቅም ባይ ነኝ። ጭስ ወይም ሰው ካለ ግን አይሆንም። ወፍ ካለፈችም እንዲሁ፣ ወደ ኋላ የምትበር ወፍ ታስቃለች።

ዝግታ
ትዕግስት፣ እንዲህ ያለ ንፋስ ባለበት ሞገዱ ነጭ ጫፍ ያወጣል። ዳር ላይ ደግሞ ወደ ድንጋይ ሄዶ ይሰበራል። ሲገለበጥ አረፋው ከድንጋዩ እየተነሳ ወደ ሐይቅ ይሰበሰባል። ዓይን ምን እንደሆነ ባይለይም አንድ ነገር ይጎረብጠዋል። ረጋ ያለ ውሃ ላይ ግን ጥሩ ዘዴ ነው። ደግሞም ባትሪውን አያድነውም። መመለሻው ያው 900 ሜትር ንፋስ ፊት ለፊት ነው፣ ያውም ወደ ኋላ እየበረሩ፣ ያውም እየቀረጹ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ሾቷን አትገልብጧት፣ ቤዛን አዘዋውሯት። ማማው ጋ ሂጂና ቁሚ። ባትሪው ሙሉ እያለ ሳትቀርጪ ንፋሱን እየገፋሽ ወደ ውሃው ሂጂ። ከዚያ ዞረሽ እየቀረጽሽ ወደ ራስሽ ነይ። ሾቷ ያሰብሽው አቅጣጫ ላይ ናት። ንፋሱም ከኋላ ነው፣ አሁን ግን ወደ ቤት የሚገፋሽ ሆነ። ባትሪ ቢያልቅብሽ እንኳ ወደ አንቺ እየመጣሽ ነው የሚያልቅብሽ።

ክንፈ_ብረት
ይሄኛው ይመቻል። ግን 900 ሜትር ያው 900 ሜትር ነው። 249 ግራም የምታክል ነገር ከ900 ሜትር ማን ያያል? እኔ 300 ላይ ትጠፋብኛለች።

ዝግታ
ክንፈ፣ እዚህ ላይ አገኘሃት። ልክ ነህ። አብዛኛው አገር አብራሪው ድሮኗን በዓይኑ እንዲያይ ያዛል፣ ስክሪን አይቆጠርም። አመሻሽ ላይ ከጨለመ ኮረብታ ፊት ደግሞ 300ም ብዙ ነው። ስለዚህ 900ውን በአንድ ትንፋሽ ማቋረጥ ከማንኛውም ዳር አይሆንም። የማሙሽ የጀልባ ሐሳብም 450ው ለዓይን ይርቃል፣ ሆም ፖይንቱም ያው ችግር አለበት።

ማሙሽ_ካም
ዛፉ ሥር አንድ ጓደኛዋን ሪሞት ሳይይዝ ብታቆምስ? እሱ በስልክ «አየኋት፣ አየኋት» ይላታል።

ዝግታ
በአንዳንድ አገር ረዳት ተመልካች ይፈቀዳል፣ ግን አብራሪው ማየቱን የሚተካ አይደለም። እሷ ያለችበትን ሕግ ትጠይቅ።

ትዕግስት_ኤዲት
እሺ፣ ሁለት ቦታ ቁረጧት። መጀመሪያ ዛፉ ጋ ቆማችሁ 250 ሜትር ወደ ውሃው እየቀረጻችሁ ሂዱ። መጨረሻ ላይ የካሜራውን ጊምባል ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ድፉት፣ ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ውሃ እስኪሆን። ሁለተኛውን ማማው ጋ ሆናችሁ ከውሃ ብቻ ጀምሩና ቀስ እያላችሁ ቀና በሉ። መጋጠሚያው ውሃ በውሃ ላይ ነው። እኔ አገጣጥመዋለሁ፣ ማንም አያየውም። ፍጥነቱና የድሮኗ ከፍታ ከውሃው አንድ ዓይነት ይሁን ብቻ። ነጭ ማመጣጠኛውንም ቆልፉት፣ አውቶ ላይ ከተዋችሁት አንዱ ሰማያዊ ሌላው ቢጫ ይመጣብኛል።

ቤዛ_ፍሬም
ይሄ ደስ ብሎኛል። ስሌቱን ራሴ ልሞክረው፣ አርሙኝ።

ዛፉ ጋ፦ 250 ሜትር በ10 ስሄድ 25 ሰከንድ። መመለሻ በ4 ሲሆን 62 ሰከንድ ያህል። ቦታ ማስያዣ ሲጨመር ሁለት ደቂቃ። ማማው ጋ፦ ንፋሱን እየገፋሁ 300 ሜትር ስወጣ 75 ሰከንድ፣ እየቀረጽኩ ስመለስ 30 ሰከንድ። ይሄም ከነማስያዣው ሁለት ደቂቃ ከሩብ። 15 ደቂቃ ካለኝ በአንድ ባትሪ ስድስት ሙከራ ነው! ሾቱ ደግሞ 25 ሲደመር 30፣ 55 ሰከንድ። በትንሹ ብቻ ላፍጥነው።

ዝግታ
ልክ ነው። ስድስት አትበይ፣ አራት በይ። የሚቀረውን ለሽውታው ተይለት። ትንበያው 10 ብሏል፣ ያ ከፍ ሲል 12 ይደርሳል፣ ያኔ ኖርማል ሞድ ላይ ወደፊት አትሄጂም። የመጀመሪያውን ሙከራ እንደ መለኪያ ቁጠሪው። 100 ሜትር ርቀሽ ቁሚ፣ ከዚያ ንፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ነይና ስክሪኑ ላይ ያለውን ፍጥነት እዪ። 4 የሚለው የእኔ ግምት ነው፣ ስክሪኑ የሚልሽ ነው እውነቱ። ከ3 በታች ካለሽ ቦርሳሽን ዝጊ።

ማማውን አልፈሽ አትሂጂ። ንፋሱ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጫፉ ላይ ይፈጥናል፣ ከጀርባው ደግሞ ተጠቅልሎ ወደ ታች ይደፋል። ማማው ፊት ለፊት አቁሚ።

ቤዛ_ፍሬም
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ፈቃዱ መጣ፣ ግን ነገር ይዞ ነው የመጣው። አንደኛ፣ 300 ሜትሩ ዛፉን መሀል አድርጎ ስለተሞላ ማማው ከክቡ ውጭ ነው። ለማማው ሁለተኛ ነጥብ አስገብቼ እንደገና መጠየቅ አለብኝ። ሁለተኛ፣ የፈቀዱልኝ ከፍታ 60 ሜትር ነው። ምክንያቱም 6 ኪሎ ሜትር ላይ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ አለ። ከመነሳቴ በፊትና ካረፍኩ በኋላ መደወል አለብኝ። የተሰጠኝ ጊዜም የሁለት ሰዓት ርዝመት ብቻ ነው። የማማውን መሬት የያዙት ሰዎች ደግሞ ለብቻ መጠየቅ ይፈልጋሉ፣ የአቪዬሽኑ ወረቀት እነሱን አይመለከታቸውም።

ክንፈ_ብረት
250 ግራም ሳይሞላ ይሄ ሁሉ? እኔ ተመዝግቤ እንኳ አላውቅም።

ዝግታ
ክብደቱ በአንዳንድ አገር ምዝገባውን ወይም ፈተናውን ያቀልልሃል። ማረፊያ ሜዳ አጠገብ ግን ለአውሮፕላኑ 249ም 900ም ያው ነው። መተግበሪያው ካርታ ላይ ቀይ አለማሳየቱም ፈቃድ አይደለም።

ቤዛ፣ 60ው ከምን ላይ የሚቆጠር ነው አሉሽ? ይህን ሳትጠይቂ አትነሺ።

ቤዛ_ፍሬም
ጠየቅኳቸው። ድሮኗ ከምትበርበት መሬት ወይም ውሃ ላይ ነው አሉኝ። ለምን?

ዝግታ
ስክሪንሽ ላይ ያለው ከፍታ የሚቆጠረው ከተነሳሽበት ቦታ ነው እንጂ ከሥርሽ ካለው መሬት አይደለም። ማማው ጋ ስትነሺ ከውሃው 70 ሜትር ላይ ነሽ። ወደ ሐይቁ ወጥተሽ ስክሪኑ 0 ሲልሽ ከውሃው 70 ሜትር ላይ ነሽ፣ ማለትም ፈቃድሽን በ10 አልፈሻል። ውሃው ላይ 60 ለመሆን ስክሪኑ −10 ማለት አለበት። አዎ፣ ከዜሮ በታች ያሳያል፣ አትደንግጪ። እኔ ብሆን −30 ላይ አደርጋታለሁ፣ ከውሃው 40 ሜትር። ንፋሱም ይቀንሳል፣ ማማውም ከታች እየተነሳ የሚመጣ ይመስላል። ከዛፉ ወገን ስትነሺ ግን ያው 40 ሜትር ስክሪኑ ላይ +40 ነው። ሁለቱን ወረቀት ላይ ጻፊና ሪሞቱ ላይ ለጥፊ። መጋጠሚያው ላይ ተምታቶብሽ አንዱን 40 ሌላውን 70 ብትቀርጪ ትዕግስት ታለቅሳለች።

የመመለሻ ከፍታውንም በየቦታው ቀይሪው። ዛፉ ጋ ከዛፉ ጫፍ ከፍ ያለ ሙይ። ማማው ጋም ከማማው ጫፍ ትንሽ ከፍ በይ፣ ግን ውሃው ላይ ሳለች አርቲኤች ከነካሽ ከ60 ታልፋለች፣ ስለዚህ ከዚያ በእጅሽ አምጪያት።

ትዕግስት_ኤዲት
አለቅሳለሁ፣ እውነቱን ነው። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ብርሃኑ ነው። ከዛፉ ወደ ማማው በመኪና ስንት ደቂቃ ነው?

ቤዛ_ፍሬም
ሐይቁን ዞሬ 25 ደቂቃ። በዚያ ላይ የመሬቱ ሰዎች ጋ ሰላምታው አለ።

ትዕግስት_ኤዲት
አመሻሽ ላይ 25 ደቂቃ ሌላ ቀን እንደማለት ነው። ጥላው ይረዝማል፣ ውሃው ይጠቁራል። በሁለት የተለያዩ ምሽቶች፣ በተመሳሳይ ሰዓት ብትቀርጿቸው ይሻላል።

ዝግታ
አልስማማም። ሁለተኛው ምሽት ላይ ንፋሱ ከተለወጠ ሞገዱ ሌላ ይሆናል፣ ውሃ በውሃ የምትይው መጋጠሚያ አይገጥምም። እኔ በአንድ ምሽት፣ ማማውን ቀድሜ አደርገው ነበር። ማማው ረዥሙ ነው፣ ብርሃኑ ሳለ ይሠራ።

ትዕግስት_ኤዲት
ሞገድ ማለስለስ እችላለሁ፣ ጥላ ግን ማንቀሳቀስ አልችልም ጋሼ።

ማሙሽ_ካም
ወፍ ስትመጣስ? ሐይቅ ዳር ጭልፊት አይጠፋም። እኔ ላይ አንዴ መጥታብኝ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳወጣት ተወችኝ። ቤዛ ግን 60 ሜትር ላይ ነው ጣሪያዋ።

ቤዛ_ፍሬም
40 ላይ ከሆንኩ 20 ይቀረኛል። ጎጆ እንዳለ ግን አስቀድሜ በእግሬ ሄጄ አያለሁ፣ ካለ ሌላ ሰዓት እጠይቃለሁ። ለማማው ሁለተኛውን ነጥብ ዛሬ አስገብቻለሁ። የሁለቱን ምሽት ነገር ከደንበኛው ጋር ተነጋግሬ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት ዛፉ ጋ ሄጄ ያንን የ100 ሜትር መለኪያ ልሞክር ነው።

ዝግታ
ጠዋት የምታገኚው ንፋስ የአመሻሹ አይደለም። ቀን ቀን ምድሩ ሲሞቅ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል፣ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ይገለበጣል። መለኪያውን በሰዓቱ፣ አመሻሽ ላይ ሥሪው። ፈቃድሽም ያኔ ነው የሚሠራው።

ቤዛ_ፍሬም
ልክ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ነው። ነገ 10 ሰዓት ላይ እደውልላቸዋለሁ።